ቀሚሱ ይቀየር፣ አንገቱ አይነካ

የሐበሻ ልብስ የምትሸጥ አንዲት ደንበኛዬ አንድ ፎቶግራፍ ላከችልኝ። ፎቶው ላይ ያለችው ልብስ አሳዪ ፈቅዳና ተከፍሏት የተነሳች ናት። ደማቅ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ የሳቲን ቀሚስ ለብሳለች፤ ግራ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋለች፤ ቀኝ ትከሻዋ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋለች። ጥያቄው አጭር ነበር፦ ያው ቀሚስ አረንጓዴ ፈትል ቢሆን ምን እንደሚመስል አሳየኝ፤ ፊቷን፣ እጇንና ጀርባዋ ያለውን ግድግዳ ግን እንዳትነካብኝ።

ቀለሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ ኢንፔይንቲንግ የሚባለው ነገር ውስጥ ባልገባሁ ነበር። ቀዩን ወደ አረንጓዴ ማዞር ማንኛውም የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም በደቂቃ የሚሠራው ነው፤ እጥፋቶቹና ጥላዎቹም እንዳሉ ይቀራሉ። እዚህ ግን የሚለወጠው ጨርቁ ነው። ሳቲን ብርሃንን እንደ መስተዋት ይመልሳል፤ ፈትል ግን ይውጠዋል፣ ክሩም ይታያል። አንጸባራቂውን ጨርቅ አረንጓዴ ብታደርጉት የምታገኙት አረንጓዴ ሳቲን ነው። ስለዚህ ጨርቁ እንደ አዲስ መሳል ነበረበት።

ኢንፔይንቲንግ ማለት ከፎቶው ላይ አንድ ቦታ ከልሎ ሥዕል የሚሠራውን ሞዴል «ይህን ብቻ እንደገና ሣልልኝ፣ የቀረውን አይተህ አስማማው» ማለት ነው። ክልሉን የምናሳይበት ጥቁርና ነጭ ምስል ማስክ ይባላል። ልኩ ከፎቶው ጋር እኩል ነው፤ በተለመደው አሠራር ነጩ ይሣላል፣ ጥቁሩ ይቀራል። አንዳንድ ፕሮግራም ግን ተቃራኒውን እንዲሠራ ሊታዘዝ ይችላል። አንድ ቀን ይህን ሳላይ ቀርቼ ቀሚሱ እንዳለ ሆኖ ሴትዮዋ በሌላ ሴት ተተክታ አግኝቻለሁ።

ጀማሪው የሚስተው ትልቁ ነገር ማስኩን እንደ አጥር ማየቱ ነው። ነጭ የቀባሁት ውስጥ ይገባል፣ ጥቁሩን አይደፍርም ብሎ ያምናል። ጥቁሩ ግን በሁለት ምክንያት ይደፈራል።

አንደኛው ምክንያት ሞዴሉ የሚሠራው በፒክስል ላይ አለመሆኑ ነው። እንደ ስቴብል ዲፊዩዥን ያሉት ሞዴሎች ፎቶውን መጀመሪያ ያጨምቁታል፤ ስምንት በስምንት ፒክስል የሆነ እያንዳንዱ ካሬ ወደ አንድ ክፍል ይጠቀለላል። በስልክ የተነሳው ፎቶ 3024 በ4032 ፒክስል ነበር። ለሞዴሉ ወደ 768 በ1024 አሳነስኩት። ይህ ሲጨመቅ 96 በ128 ክፍል ይሆናል። መልሳችሁ ብታሰሉት አንዱ ክፍል በዋናው ፎቶ ላይ በግምት 31 ፒክስል ስፋት ይሸፍናል። ማስኩም አብሮ ይጨመቃል። ወገቧ ላይ ባለው እጅ ሁለት ጣቶች መካከል የሚታየው ቀይ ጨርቅ ስፋቱ 20 ፒክስል ያህል ነበር፤ ከአንድ ክፍል ያንሳል። እኔ በብሩሽ ጫፍ እየተጠነቀቅሁ በጣቶቹ መካከል ነጭ ባሰምርም፣ ሞዴሉ ዘንድ ሲደርስ ያ መስመር ወይ ይጠፋል ወይም ጣቱን ጨምሮ ይውጣል። ስድስት ጣት ያላት እጅ አንዳንዴ የምትወለደው እዚህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይሰውራል። የተጨመቀው ምስል መጨረሻ ላይ መዘርጋት አለበት፤ ሲዘረጋ ደግሞ ማስኩ ያልነካው ቦታም አብሮ ይዘረጋል። ተጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ የከረመ ልብስ ሲወጣ ያው ልብስ ቢሆንም እንደ ነበረ አይደለም። የዓይን ሽፋሽፍት ይለሰልሳል፣ የጥርስ መስመር ትንሽ ይዛባል፣ ጀርባ ላይ ያለ ጽሑፍ ይበላሻል። በትንሹ ስክሪን አይታይም። ሴትዮዋን የሚያውቃት ሰው ግን «ምን ሆናለች?» ይላል፤ ምኑ እንደተለወጠ መናገር ባይችልም ዓይኑ ያውቀዋል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሞዴሉ የሠራውን ሙሉ ምስል አለመቀበል። ከእሱ ቀሚሱን ብቻ ቆርጦ በዋናው ፎቶ ላይ መለጠፍ። ያኔ ፊቷ «ፊቷን የሚመስል» ሳይሆን ካሜራው ያነሳው ራሱ ይሆናል። `AUTOMATIC1111` የሚባለው ፕሮግራም ይህን ልጠፋ ራሱ ያደርገዋል። `ComfyUI` ላይ ግን ካላዘዛችሁት አይሠራም፤ መጨረሻ ላይ `ImageCompositeMasked` የሚለውን የሥራ ሳጥን ማያያዝ የእናንተ ድርሻ ነው። ይህን ሳያውቁ የሚጠቀሙ ብዙዎች ቆዳው ለምን እንደተለወጠ ማስኩን ሲወቅሱ ይኖራሉ።

እዚህ ላይ ሥራውን ያቀለለልኝን አካሄድ ልናገር። አንድ ማስክ ሳይሆን ሁለት እሠራለሁ። አንዱ የመሣያ ማስክ ነው፤ ይህ ቸር ነው፣ ከቀሚሱ ጠርዝ በትንሹ ወጣ ይላል። ሌላው የመለጠፊያ ማስክ ነው፤ ይህ ንፉግ ነው፣ የቀሚሱን ጠርዝ በትክክል ይከተላል። ሞዴሉ ጨርቁን ከጠርዙ አሳልፎ ይሣል፤ ትርፉን መቀሱ ይቆርጠዋል። ልብስ ሰፊ ለስፌት የሚሆን ትርፍ ትቶ እንደሚቆርጠው ማለት ነው። አንድ ማስክ ለሁለቱም ሲውል ሁልጊዜ አንዱ ይጎዳል፦ ጠበብ ካደረጋችሁት በአረንጓዴው ቀሚስ ዙሪያ ቀጭን ቀይ ክር ይቀራል፣ ሰፋ ካደረጋችሁት አንገትጌው ቆዳዋ ላይ ይወጣል።

ቸሩ ማስክ ምን ያህል ይስፋ? ከአንድ ክፍል ያልበለጠ፣ ማለትም በመሥሪያው ልክ ስምንት ፒክስል ገደማ። ከዚያ ከበዛ ሞዴሉ ነጻነት ያገኝና አንገትጌውን ዝቅ ወይም ከፍ ያደርጋል። ዝቅ ካደረገው አዲሱ የደረት ቆዳ ንፉጉ ማስክ ውስጥ ይገባል፤ ያኔ መለጠፉም አያድንም፤ እንደገና መሣል ብቻ ነው።

ንፉጉን ማስክ የምቀባው በእጄ ነው፤ ፎቶውን 200 በመቶ አጉልቼ፣ ጂምፕ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም። አሰልቺ ነው፣ ግን ሥራው ያለው እዚህ ነው። ጠርዙ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ማወቅ ያስፈልጋል። ቀሚሱ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት በኩል ሁለት ሦስት ፒክስል ብሳሳት ማንም አያየኝም። ከቆዳ ጋር በሚገናኝበት፣ በአንገትና በእጅ አንጓ በኩል፣ ስሕተት ወዲያው ይታያል፤ ዓይናችን የሰውን ገላ ቅርጽ ጠንቅቆ ያውቃልና። እዚያ ጠርዙን አጉልታችሁ ብታዩት ስለታም መስመር የለም፤ ሁለት ወይም ሦስት ፒክስል ቀዩና ቡናማው የተቀላቀሉበት ነው። ማስኩ እነዚህን ቅልቅሎች መሸፈን አለበት። ጨርቁ ንጹሕ ቀይ በሆነበት ቦታ ከቆማችሁ ቅልቅሉ ይቀርና አንገቷ ዙሪያ የተጫረ የሚመስል መስመር ይታያል።

ቀጥሎ ቀሚሱ ላይ ያረፈውን ሁሉ ከማስኩ ማውጣት ነው። መጀመሪያ ቀሚሱን በሙሉ ነጭ እቀባና ከዚያ በጥቁር ብሩሽ እመለሳለሁ፦ እጇን፣ የአንገት ጌጧን፣ ትከሻዋ ላይ የወረደችውን የጸጉር ዘለላ። ለጌጡ ቀጭን ሰንሰለት ሲሆን እልኸኛ አልሆንም። ከአንድ ክፍል የቀጠነ ነገርን በማስክ መጠበቅ አይቻልም፤ ሞዴሉ በላዩ ይሣልበት፣ በኋላ በንፉጉ ማስክ ዋናውን ሰንሰለት መልሼ አወጣዋለሁ። ጣቶቹም እንዲሁ። ለመሣያው እጁን በሙሉ እንደ አንድ ድፍን ነገር ከልዬ በጣቶቹ መካከል ያለውን ቀይ ለብቻው፣ ያንን ቦታ አጉልቼ በሁለተኛ ዙር ሠራሁት። `AUTOMATIC1111` ላይ ያለው `Only masked` የሚለው ምርጫ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፦ በማስኩ ዙሪያ ያለውን ቦታ ብቻ ቆርጦ ያጎላዋል፣ በትልቁ ይሥላል፣ አሳንሶ ይመልሳል። ያን ጊዜ 20 ፒክስል የነበረው ክፍተት ብዙ ክፍሎች ያገኛል። ለሙሉ ቀሚስ ግን ይህ ምርጫ ብዙም አያተርፍም፤ ቀሚሱ ራሱ ፎቶውን ሊሞላው ምንም አልቀረውምና የሚቆረጥ ነገር የለም።

ነጠላው ግን አስጨነቀኝ። ትከሻዋ ላይ በተደራረበበት ነጭ ነው፤ አንድ ንብርብር ብቻ በሆነበት በውስጡ ቀዩ ቀሚስ ይታያል፣ ክንዷ ላይ ደግሞ ቆዳዋ ይታያል። ታዲያ ያ ሮዝ የሚመስል ቦታ ነጠላ ነው ወይስ ቀሚስ? ሁለቱም ነው። ማስክ ደግሞ አዎ ወይም አይደለም እንጂ «ሁለቱም» አያውቅም። ከማስኩ ውጭ ባደርገው አረንጓዴ ቀሚስ ላይ ሮዝ ነጠላ ይወጣል። ባስገባው ሞዴሉ የነጠላውን ሽመና ረስቶ ጭጋግ የመሰለ ነገር ይሥላል። በግራጫ ማስክ፣ ግማሽ ለግማሽ፣ ሞከርኩ፤ ሁለቱም ምስሎች እንደ ጥላ ተደራርበው ታዩ። የሠራልኝ ሌላ መንገድ ነው፦ ነጠላውን በሙሉ ከማስኩ አውጥቼ ጠበቅሁት፤ ቀሚሱ ካለቀ በኋላ ስስ የሆነውን ቦታ ብቻ መርጬ ሮዙን በተራ የቀለም ማስተካከያ ወደ ፈዛዛ አረንጓዴ አዞርኩት። ክሩ እንዳለ ነው፤ የተለወጠው በውስጡ የሚያልፈው ቀለም ብቻ ነው። የሰው እጅ ለሠራው ስስ ጨርቅ ኢንፔይንቲንግ የመጨረሻው አማራጭ ቢሆን እመርጣለሁ።

ማስክን በራሳቸው የሚያወጡ መሣሪያዎች የሉም ወይ ለሚለኝ፣ አሉ። ሜታ በ2023 ያወጣው `Segment Anything` ቀሚሱ ላይ አንድ ጊዜ ስትነኩ ክልሉን ያወጣል። ልብስን ለይተው እንዲያውቁ የሠለጠኑ ሌሎችም አሉ፤ ቀሚስን፣ ቀበቶን፣ ሻርፕን፣ ፊትን፣ ግራና ቀኝ ክንድን ለየብቻው ይከፍላሉ። መነሻ አድርጌ እጠቀምባቸዋለሁ። ሆኖም እነዚህ መሣሪያዎች በሻርፕ የሠለጠኑ እንጂ በነጠላ አይደለም፤ ትከሻ ላይ ከቀሚሱ ጋር አንድ አድርገው አወጡልኝ። ጠርዛቸውም ብዙ ጊዜ ሸካራ ነው፣ ከቆዳው በኩል በእጅ ማረም አይቀርም።

ማስኩ ሲያልቅ እንደ `PNG` ይቀመጥ። `JPEG` ጥቁርና ነጩ በሚገናኙበት ቦታ ግራጫ ነጠብጣብ ይረጫል፤ ያ ነጠብጣብ ለሞዴሉ ትእዛዝ ነው። ሌላም ወጥመድ አለ። ስልክ ፎቶውን በጎኑ አስቀምጦ «ሲከፈት አዙረው» የሚል ምልክት ብቻ ይተዋል። አንዱ ፕሮግራም ምልክቱን ያነባል፣ ሌላው አያነብም፤ ማስኩ ከፎቶው ጋር ተጣምሞ ይገናኛል። ከመጀመሪያው ፎቶውን ከፍቶ አቅንቶ እንደ አዲስ ማስቀመጥ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ከቅንብሮቹ የማወራው ስለ አንዱ ነው፦ `Denoising strength`። ሞዴሉ ከቀድሞው ጨርቅ ምን ያህሉን ይርሳ የሚለውን ይወስናል፤ ከ0 እስከ 1 ይሄዳል። በ0.4 ሞከርኩ፤ እጥፋቶቹ በቦታቸው ናቸው፣ ነገር ግን ጨርቁ ቀይ ያዘለ፣ የጭቃ ቀለም ሆነ፤ የሳቲኑ ማብረቅም አልለቀቀም። በ1 ደግሞ ፈትሉ ቆንጆ ሆነ፣ እጥፋቶቹ ግን የሰውነቷን አቋም ረሱ፤ እጇ ወገቧን ሲጫን ጨርቁ አይሰበሰብም፣ እንደ ተለጠፈ ወረቀት ይቆማል። መውጫው ሁለቱን ማጣመር ነበር። መጀመሪያ ቀዩን በተራ የቀለም ማስተካከያ አረንጓዴ አደረግሁት፣ ማብረቁንም ቀነስኩት፤ ከዚያ ያንን ለሞዴሉ ሰጥቼ 0.6 ላይ አሠራሁት። አሁን ቀይን መርሳት አይጠበቅበትም፤ የሚቀረው አረንጓዴውን ሳቲን ወደ ፈትል መለወጥ ብቻ ነው። እጥፋቶቹ አቋማቸውን አልለቀቁም።

አንድ ገደብ ግን በምንም ቅንብር አይፈታም። ማስኩ የቀሚሱን ቅርጽ ከተከተለ አዲሱም ልብስ ያንኑ ቅርጽ ይወስዳል። ደንበኛዬ በኋላ «እግረ መንገድህን ቀሚሱን ሰፋ አድርገው» ብላ ነበር። ሰፊ ቀሚስ ግድግዳው ላይ ቦታ ይፈልጋል፤ ግድግዳው አይነካ ብለን ከልለናል። አጭር እጅጌ ማድረግም እንደዚሁ ነው፦ ከእጅጌው ሥር ያለውን ክንድ ካሜራው አላየውም፣ ስለዚህ የሚሣለው ክንድ የእሷ ሳይሆን የፈጠራ ነው። ልብስን በሌላ ልብስ መተካት አንድ ነገር ነው፤ የሰውን ገላ መፍጠር ደግሞ ሌላ፣ እኔ የማልገባበት ሥራ ነው።

የተሣለውን በዋናው ላይ የምለጥፈው በዚህች አጭር የፓይተን ኮድ ነው፤ `mask.png` ንፉጉ ማስክ ነው።

```python
from PIL import Image, ImageFilter

old = Image.open("old.png").convert("RGB")
new = Image.open("new.png").convert("RGB").resize(old.size)
mask = Image.open("mask.png").convert("L")

soft = mask.filter(ImageFilter.GaussianBlur(3))
Image.composite(new, old, soft).save("final.png")
```

`GaussianBlur(3)` ጠርዙን ያለሰልሳል፤ ያለ እሱ ቀሚሱ በመቀስ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። ማለስለስ ግን ወደ ሁለቱም ወገን እንደሚፈስ አትርሱ፤ ቁጥሩን 15 ብታደርጉት አረንጓዴው አንገቷ ላይ እንደ ጭስ ይወጣል። ሌላው የሚታይ ነገር አዲሱ ምስል ከ1024 ወደ 4032 ስለተለጠጠ ጨርቁ ከፊቷ ይልቅ ለስላሳ መሆኑ ነው። ፎቶው ለስልክ ስክሪን ስለነበር የመጨረሻውን በሙሉ ወደ 1500 ፒክስል አሳንሼ ልዩነቱን ደበቅሁት። ለትልቅ ኅትመት ቢሆን ይህ አይበቃም፤ ቀሚሱን በቁራጭ በቁራጭ መሥራት ግድ ይሆናል።

እንዳልተነካ የማረጋግጠው በዓይኔ አይደለም። ጂምፕ ላይ ዋናውን ከታች፣ አዲሱን ከላይ አድርጌ የላይኛውን ወደ `Difference` አዞራለሁ። ያልተለወጠ ፒክስል ሁሉ ጥቁር ይሆናል። ከዚያ ብርሃኑን እስከ ጫፍ ከፍ አደርጋለሁ። በትክክል ከተሠራ በጨለማ ውስጥ የቀሚስ ቅርጽ ብቻ ይታያል። ፊቷ እንደ መንፈስ ብቅ ካለ ልጠፋው አልሠራም ማለት ነው፤ የአንገቷ ዙሪያ ላይ ቀለበት ካለ ማለስለሱ በዝቷል።

ይህን ሁሉ ካለፍኩ በኋላ ፎቶው አሁንም ልክ አልነበረም። ጥቁሩን አየሁ፣ ንጹሕ ነው፤ ግን ምስሉ ይዋሻል። ቆየት ብዬ አገጯን ሳይ ገባኝ። የሚያብረቀርቅ ቀይ ቀሚስ ብርሃኑን ወደ ላይ ይመልሳል፤ ከአገጯ ሥር፣ በአንገቷና በክንዷ ውስጠኛ በኩል ስስ ቀይ ጥላ አርፎ ነበር። ቀሚሱ አረንጓዴ ሲሆን ያ ቀይ ባለቤት አጣ። ቆዳው ስላልተነካ ነው የተበላሸው። ደውዬ ነገርኳትና ከአገጭ ሥር ያለውን ቀይ በቀለም ማስተካከያ ትንሽ እንድቀንስ ተስማማች፤ ቅርጹን ሳይሆን ቀለሙን ብቻ። ወለሉ ላይ ከጫፉ ሥር የነበረውንም የቀይ ነጸብራቅ እንዲሁ አደበዘዝኩት።

የቀረው ጥለቱ ነበር። ሞዴሉ ከቀሚሱ ግርጌ ላይ ሳልጠይቀው የወርቅማ ጥለት ሥሎ ነበር፤ ከሩቅ ያምራል። አጉልተን ስናየው መስቀል መሰል ቅርጾቹ አንዱ ከሌላው አይገጥምም፣ አንዳንዱም መሐል ላይ ይቋረጣል። ደንበኛዬ «ይህን የሚሸምን ሸማኔ የለኝም፤ ሰው አይቶ ቢያዝ ምን ልሰጠው ነው?» አለች። ግርጌውን ብቻ የሚሸፍን ትንሽ ማስክ ሠርቼ ያለ ጥለት እንደገና አሣልኩት፤ ከሥሩም ቀለሙን ለማሳየት የተሠራ ምስል መሆኑን ጽፋ ለጠፈችው።